ቀን ያልተጻፈበት ብይን

እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2023 የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው የካሊፎርኒያው ኩባንያ ኦፕንኤአይ፣ ስድስት ወር እንኳ ባልሞላው የራሱ ማስታወቂያ አናት ላይ አጭር ማስታወሻ ለጠፈ። ማስታወቂያው ጃንዋሪ 31 የወጣ ሲሆን፣ አንድ ጽሑፍ በሰው ይሁን በማሽን መጻፉን የሚለይ ነጻ ሶፍትዌር ለሕዝብ ቀርቧል ይላል። መምህራን ለወራት ሲጠይቁት የነበረ ነገር ነው። በጁላይ የተለጠፈው ማስታወሻ ግን ይኸው መሣሪያ በትክክለኛነቱ ማነስ ምክንያት ከአገልግሎት መውጣቱን ያረዳል።

መሣሪያው ገና ሲወጣ ጀምሮ ድክመቱ በግልጽ ተነግሮለት ነበር። ኩባንያው ባቀረበው የእንግሊዝኛ መፈተኛ ላይ፣ ማሽን ከጻፋቸው ጽሑፎች «ማሽን ሳይጽፈው አይቀርም» ብሎ በትክክል የለየው 26 በመቶውን ብቻ ነው። ሰው ከጻፋቸው ውስጥ ደግሞ 9 በመቶውን በስህተት የማሽን ብሏል። ከአንድ ሺህ ፊደል በታች ለሆነ ጽሑፍ ውጤቱ እንደማያስተማምንም አብሮ ተገልጿል።

ይህን ቁጥር አስገራሚ የሚያደርገው የኩባንያው ያለፈ ታሪክ ነው። በኖቬምበር 2019 ኦፕንኤአይ ጂፒቲ-2 የተባለውን የቋንቋ ሞዴል በሙሉ መጠኑ ሲለቅ ዲቴክተርም አብሮ አውጥቶ ነበር። ያ ዲቴክተር የጂፒቲ-2ን ጽሑፍ 95 በመቶ ገደማ ይለይ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት የኮምፒውተር አቅም አድጓል፤ ባለሙያውም ገንዘቡም በዝቷል። መለየቱ ግን ከ95 ወደ 26 ወርዷል። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ዓይነት ፈተና የተለኩ ስላልሆኑ በቀጥታ አይነጻጸሩም፤ ቢሆንም የቁልቁለቱ አቅጣጫ አያጠራጥርም። ዲቴክተር የሚሠሩ ሰዎች ዛሬም ከዚሁ ቁልቁለት ጋር እየታገሉ ነው። አዲስ የቋንቋ ሞዴል በወጣ ቁጥር ትናንት ጎበዝ የነበረው ዲቴክተር ይደክማል። ለምን እንደሚደክምና ባለሙያዎቹ እንዴት እንደሚያድሱት የሚያውቅ መምህር፣ ቀጣሪ ወይም አርታኢ በሰው ላይ ከመፍረዱ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል።

ዲቴክተሩ የተማረው ነገር

የ2019ኙ ዲቴክተር አሠራር እስከ ዛሬ የአብዛኞቹ መሠረት ስለሆነ ከእሱ መጀመር ይሻላል። ሥራው ሮበርታ የሚባለውን፣ ጽሑፍን ለመረዳት የሠለጠነ ሌላ ሞዴል በመውሰድ ይጀምራል። ከዚያ ሁለት ክምር ይዘጋጃል፤ በአንዱ ሰዎች የጻፏቸው የኢንተርኔት ጽሑፎች፣ በሌላው ጂፒቲ-2 ያወጣቸው ጽሑፎች ይቀመጣሉ። ሮበርታ እያንዳንዱን እያነበበ ከየትኛው ክምር እንደመጣ ይገምታል፤ ሲሳሳት ይታረማል፤ ይህ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ጽሑፎች ላይ ይደጋገማል። በመጨረሻ ያልታየ ጽሑፍ ሲሰጠው ከ0 እስከ 1 ያለ ነጥብ ያወጣል።

በዚህ ሂደት ውስጥ «ማሽን ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ የትም አልተነሳም። ዲቴክተሩ የተማረው በእነዚያ ሁለት ክምሮች መካከል በዚያ ሰዓት የነበረውን ልዩነት ነው። ልዩነቱ ከምን እንደመጣ አያውቅም፤ ነገም ይኖር እንደሆነ አይጠይቅም። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ችግር ሁሉ ምንጩ ይህ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ በዚያው ዓመት ታይቷል። የቋንቋ ሞዴል ቀጣዩን ቃል ሲመርጥ ለእያንዳንዱ ዕጩ ቃል የዕድል መጠን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ከዕጩዎቹ አንዱን የሚያነሳበት ደንብ ያስፈልጋል። አንደኛው ደንብ ከፍተኛ ዕድል ካላቸው፣ ለምሳሌ 40 ቃላት ብቻ ይመርጣል። ሌላው ዕጩዎቹን ሁሉ ክፍት ያደርጋል። ሦስተኛው የዕድላቸው ድምር የተወሰነ መጠን፣ ለምሳሌ 95 በመቶ፣ እስኪሞላ ያሉትን ቃላት ይወስዳል። ሞዴሉ ያው አንድ ሞዴል ነው፤ የተቀየረው የማንሻ ደንቡ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ደንብ የወጣ ጽሑፍ ብርቅ ቃል አይገኝበትም፤ ስለዚህ በእሱ የሠለጠነ ዲቴክተር «ብርቅ ቃል ከሌለ ማሽን ነው» የሚል ልማድ ያበጃል። በሁለተኛው ደንብ የወጣው ደግሞ ከሰው ጽሑፍ የበለጠ ብርቅ ቃላት ይበዙበታል። በአንደኛው የሠለጠነው ዲቴክተር ሁለተኛውን ሲያይ የተማረው ምልክት ስለሌለ የማሽኑን ጽሑፍ የሰው ይለዋል። በወቅቱ የተሠሩ ጥናቶች ይህን ውድቀት መዝግበዋል፤ ኦፕንኤአይም በሦስተኛው ደንብ በወጣ ጽሑፍ ማሠልጠን ወደ ሌሎቹ የተሻለ እንደሚሻገር አስተውሏል። በትልቁ ሞዴል ጽሑፍ የሠለጠነ ዲቴክተር የትንንሾቹን ሞዴሎች ጽሑፍ በደህና ሲለይ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ መሻገር ግን ከባድ ሆኖ ተገኝቷል። የዲቴክተር ሠሪዎች ዕጣ ደግሞ ሁልጊዜ ይኸው ከባዱ መንገድ ነው፤ የሚያሠለጥኑት ትናንት በወጣው ሞዴል፣ የሚፈተኑት ነገ በሚወጣው።

ምልክቱ ሲገለበጥ

ከጂፒቲ-2 ወደ ቻትጂፒቲ የተደረገው ሽግግር ከመጠን ዕድገት ያለፈ ነበር። ጂፒቲ-2 የኢንተርኔትን ጽሑፍ እየቀጠለ እንዲጽፍ ብቻ የተሠራ ነው። ሐሳቡ ይባዝናል፤ ራሱን ይደግማል፤ በአንቀጹ መጀመሪያ የሞተው ሰው በመጨረሻው ላይ ንግግር ያደርጋል። በኖቬምበር 30 ቀን 2022 የወጣው ቻትጂፒቲ ግን የሰዎችን ምርጫ ተከትሎ ተጨማሪ ሥልጠና የተሰጠው ነው። ንጹሕ ሰዋስው፣ የተመጣጠነ አንቀጽ፣ ትሑት ድምፅ፣ በየመጨረሻው ማጠቃለያ የእሱ መታወቂያዎች ሆኑ።

በ2019ኙ ክምር የሠለጠነ ዲቴክተር ፊት ይህ ጽሑፍ ሲቀርብ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ዲቴክተሩ መባዘንና መደጋገምን የማሽን ምልክት አድርጎ ይዟል። አሁን የቀረበለት ጽሑፍ ከብዙ ሰው ጽሑፍ ይልቅ የተስተካከለ ነው፤ ስለዚህ «ሰው» ይላል። ምልክቱ ከመዳከም አልፎ ተገልብጧል። ያ የ2019 ዲቴክተር ዛሬም በነጻ ይገኛል፤ ከእሱ ጋር የተያያዘው መግለጫም የቻትጂፒቲን ጽሑፍ ለመለየትና ተማሪን ለመክሰስ እንዳይውል ያስጠነቅቃል።

በጃንዋሪ 2023 መጀመሪያ የፕሪንስተን ተማሪ የነበረው ኤድዋርድ ቲያን ያወጣው ጂፒቲዜሮ በሌላ መንገድ ሄደ። ይህ መንገድ ጽሑፉ ለአንድ የቋንቋ ሞዴል ምን ያህል ያልተጠበቀ እንደሆነ ይለካል። ማሽን የራሱን ዕጩ ቃላት እየተከተለ ስለሚጽፍ ጽሑፉ ለሌላ ማሽንም የሚጠበቅ ይሆናል፤ ሰው ግን አንዱን ዓረፍተ ነገር ተራ፣ ቀጣዩን ድንገተኛ አድርጎ ይጽፋል። በዚያው ወር የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ዲቴክትጂፒቲ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ጽሑፉን በትንሽ በትንሹ እየቀያየረ ይጽፈውና የሞዴሉ ግምት ይወርድ እንደሆነ ያያል፤ ማሽን በጻፈው ላይ ለውጡ ሁሉ ወደ ታች ይጎትታል። እነዚህ መንገዶች በክምር መሠልጠን ባያስፈልጋቸውም ከማርጀት አላመለጡም። የሚለካው ሞዴልና የጻፈው ሞዴል በተራራቁ ቁጥር ልኬቱ ይደበዝዛል፤ የአዳዲሶቹ ሞዴሎች ውስጠኛ አሠራር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለውጭ ሰው ዝግ ነው።

ከዚህ ላይ የተጠቃሚው እጅ ይጨመራል። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ማሽን የጻፈውን በሌላ ሞዴል እንደገና አስጽፎ ለዲቴክትጂፒቲ ሲያቀርብለት፣ የሐሰት ክሱ መጠን 1 በመቶ ላይ ተይዞ እያለ፣ የመያዝ አቅሙ ከ70.3 በመቶ ወደ 4.6 በመቶ ወርዷል። ሐሳቡ ያው ነው፤ ቃላቱ ብቻ ቦታ ቀይረዋል።

የመቁረጫ ነጥቡ ፈተና

የድካሙ ሁኔታ ከሌላ ሶፍትዌር ብልሽት ይለያል። ዲቴክተር ሲያረጅ የስህተት መልእክት አያወጣም፤ እንደ ትናንቱ በልበ ሙሉነት ነጥብ መስጠቱን ይቀጥላል። ትክክለኛው መልስ ተመልሶ ወደ ሠሪዎቹ አይመጣም። ተማሪው ወይ ራሱ ጽፎታል ወይ አስጽፎታል፤ እውነቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሠሪዎቹ መልሱን የሚያውቁትን ጽሑፍ ራሳቸው አዘጋጅተው ደጋግመው መፈተን ይኖርባቸዋል።

አንድ የሥራ ቡድን በምሳሌ እንከተል፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተቀመጡ ናቸው። ቡድኑ በሰው መጻፋቸው የተረጋገጠ፣ ለሥልጠና ያልዋሉ 10,000 ጽሑፎች ለብቻ አስቀምጧል። እነዚህን በዲቴክተሩ ያሳልፋቸውና ከአሥሩ በቀር ሁሉም ከሥሩ የሚያርፉበትን ነጥብ ይፈልጋል፤ 0.92 ሆነ እንበል። ይህ የመቁረጫ ነጥቡ ነው። ከ0.92 በላይ ያገኘ ጽሑፍ «የማሽን» ይባላል፤ ከአንድ ሺህ ሰው አንዱ በሐሰት ይከሰሳል ማለት ነው።

አሁን አዲስ ሞዴል ወጣ። ቡድኑ ለዚህ ቀን የያዛቸው የማይለወጡ ትእዛዞች አሉት፤ ዜና፣ የተማሪ ድርሰት፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የዕቃ አስተያየት። በእነዚህ አዲሱን ሞዴል 1,000 ጽሑፍ ያጽፈዋል። በቀድሞው ሞዴል ላይ ከሺህ 970 የሚይዘው ዲቴክተር በአዲሱ ላይ 640 ብቻ ያዘ። ያመለጡት 360 ሲታዩ ረጃጅሞቹ ድርሰቶች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹ አጫጭር ማመልከቻዎችና «እንደ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ በቀላሉ ጻፍልኝ» በሚል ትእዛዝ የወጡ ናቸው። ነጥቦቹ ሲደረደሩ ሌላም ነገር ይታያል። ከተያዙት ብዙዎቹ እንኳ ቀድሞ 0.99 አካባቢ ይቀመጡ የነበሩት ወደ 0.94 ወርደዋል። መስመሩን አላለፉም እንጂ ወደ መስመሩ ቀርበዋል። ልምድ ያለው ሠሪ የተያዙትን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ይህን መንሸራተት ይከታተላል፤ የሚቀጥለው ሞዴል ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚናገረው እሱ ነውና።

በዚህ ጊዜ አንድ ቀላል መፍትሔ ይመጣል፤ መቁረጫውን ዝቅ ማድረግ። በ0.92 ፈንታ 0.70 ቢሆን የሚያዙት ወደ 850 ይመለሳሉ። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ይድናል። ነገር ግን እነዚያ 10,000 የሰው ጽሑፎች እንደገና ሲታዩ በሐሰት የተከሰሱት ከ10 ወደ 160 አድገዋል። አዲሱ ሞዴል ያመጣውን ዕዳ ምንም ያላደረጉ ሰዎች ከፈሉ ማለት ነው።

ይህ ዕዳ በቁጥር ሲታሰብ ምን እንደሚመስል በአሜሪካ ቴነሲ የሚገኘው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በኦገስት 2023 አሳይቷል። ተርኒቲን የተባለው ኩባንያ በዚያው ዓመት አፕሪል ባወጣው ዲቴክተር የሐሰት ክሱ ከ1 በመቶ በታች ነው ብሎ ነበር። ቫንደርቢልት በ2022 በተርኒቲን ያሳለፈው 75,000 የተማሪ ጽሑፍ ነው፤ አንድ በመቶው 750 ይሆናል። ዩኒቨርሲቲው ይህን አስልቶ ዲቴክተሩን ዘጋው። ተርኒቲን በበኩሉ የሐሰት ክሱን ዝቅ ለማድረግ ሲል ከማሽኑ ጽሑፍ 15 በመቶ ገደማ ሊያመልጠው እንደሚችል በይፋ ተናግሯል። ስለ መጠኑ መከራከር ይቻላል፤ ውሳኔው ግን ወደ ትክክለኛው ወገን ያደላ ነው። ዲቴክተር ሲያረጅ ማሽኑን ቢስት ይሻላል፤ ሰውን ከሚከስ።

ክሱ በሁሉም ላይ እኩል አለመውደቁ ነገሩን ያከብደዋል። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ለሰባት ዲቴክተሮች ሰጡ። በአማካይ ከ61 በመቶ በላይ የሚሆኑት የማሽን ተባሉ። በአሜሪካ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ድርሰት ላይ ግን እነዚሁ ዲቴክተሮች እምብዛም አልተሳሳቱም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው እርግጠኛ የሆነባቸውን ቃላት ይጠቀማል፤ ጽሑፉም ለሞዴሉ የሚጠበቅ ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ድርሰቶቹን በቻትጂፒቲ ቃላቸውን አበልጽገው ሲያቀርቧቸው የሐሰት ክሱ በእጅጉ ወረደ። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ወጥቶ በሜሪላንድ ወይም በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ተማሪ ከዚህ ምድብ ነው። መቁረጫው ዝቅ ሲል መጀመሪያ መስመሩን የሚያልፈው የእሱ ድርሰት ነው።

መስታወት መሥራት

እንግዲህ ትክክለኛው መንገድ እንደገና ማሠልጠን ነው። «አዲሱን ሞዴል አስጽፎ ክምሩ ላይ መጨመር» ተብሎ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ግን ብዙ ወጥመድ አለ።

የመጀመሪያው ወጥመድ ክምሮቹ በጸሐፊያቸው ብቻ ሳይሆን በሌላም ነገር የሚለያዩ መሆናቸው ነው። የሰው ክምር ዜናና የሆቴል አስተያየት፣ የማሽኑ ክምር የተማሪ ድርሰት ቢሆን ዲቴክተሩ ድርሰትን ከዜና መለየት ይማራል። የሥልጠና ውጤቱ 99 በመቶ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያየውን ድርሰት ሁሉ ይከስሳል። ፓንግራም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፌብሩዋሪ 2024 ባወጣው የቴክኒክ ሪፖርት የዚህን መድኃኒት ዘርዝሯል። ለእያንዳንዱ የሰው ጽሑፍ መስታወት ይሠራለታል። ሰው የጻፈው 120 ቃል ያለው፣ ስለ አንድ ሆቴል ጥሩነት የሚናገር አስተያየት ካለ፣ ሞዴሉም በዚያው ርዕስ፣ በዚያው ርዝመት፣ በዚያው ስሜት እንዲጽፍ ይታዘዛል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ርዕሱም ርዝመቱም እኩል ስለሆነ የቀረው ልዩነት የጸሐፊው ብቻ ነው፤ ዲቴክተሩ ሌላ የሚንጠለጠልበት አያገኝም።

ሁለተኛው እርምጃ የዲቴክተሩን ስህተት ራሱን ማደን ነው። መጀመሪያ ዙር ሠልጥኖ ሲያበቃ በብዙ የሰው ጽሑፍ ላይ ይለቀቃል። ጽሑፎቹ ቻትጂፒቲ ከመውጣቱ በፊት የተጻፉ ስለሆኑ «የማሽን» ያለው ሁሉ በእርግጥ ስህተት ነው። እነዚህ ስህተቶች ተለቅመው ለእያንዳንዳቸው መስታወት ይሠራላቸዋል፤ ሁለቱም ወደ ክምሩ ይገባሉ፤ ሥልጠናው እንደገና ይጀመራል። ተራ ጽሑፍ ሚሊዮን ቢጨመር የማያስተምረውን እነዚህ ጥቂት አስቸጋሪዎች ያስተምራሉ፤ ሰውና ማሽን በጣም የሚቀራረቡባቸው ቦታዎች እነሱ ናቸውና። ዙሩ ስህተቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይደጋገማል።

በምሳሌያችን ቡድን ውስጥ ይህ ሲሆን ያመለጡት አጫጭር ማመልከቻዎች መነሻ ይሆናሉ። ቡድኑ ከድሮ ክምሩ ውስጥ ሰዎች የጻፏቸውን ማመልከቻዎች ይፈልጋል፤ ጥቂት ስለሆኑ ፈቃድ እያስፈረመ ተጨማሪ ይሰበስባል፤ ከዚያ መስታወታቸውን አዲሱን ሞዴል ያጽፋል። ትእዛዙም አንድ ዓይነት አይሆንም። ተጠቃሚዎች የሚያደርጉትን ሁሉ ያካትታል፤ «ቀለል አድርገው»፣ «ስህተት ጨምርበት»፣ «በሌላ ቃል እንደገና ጻፈው»።

ሁለተኛው ወጥመድ መርሳት ነው። ዲቴክተሩ በአዲሱ ሞዴል ጽሑፍ ብቻ ቢታደስ ለአዲሱ ሲስል ለድሮዎቹ ይደነዝዛል፤ የተማረው አዲስ ነገር የቀድሞውን ይሽረዋል። ድሮዎቹ ደግሞ አልሞቱም። በነጻ የሚወርዱ ሞዴሎች በሰዎች ኮምፒውተር ላይ ለዓመታት ይኖራሉ፤ ርካሽ አገልግሎቶችም ያረጁትን ይጠቀማሉ። ስለዚህ በየዙሩ ከድሮዎቹ ክምሮች የተመጣጠነ ድርሻ ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል።

ሥልጠናው ሲያልቅ ሁለት ፈተና ይቀራል። አንደኛው መቁረጫውን እንደ አዲስ ማስላት ነው። የታደሰው ዲቴክተር ነጥብ አሰጣጡ ስለተቀየረ የድሮው 0.92 ትርጉሙን አጥቷል። እነዚያ ለብቻ የተቀመጡ የሰው ጽሑፎች እንደገና ያልፋሉ፤ ውጤቱም በጥቅሉ ብቻ ሳይሆን በየቡድኑ ይታያል፤ በሁለተኛ ቋንቋቸው የሚጽፉ፣ አጭር የሚጽፉ፣ የሕግ ሰነድ የሚያዘጋጁ ሰዎች ለየብቻ። በአማካይ ከሺህ አንድ የሆነ ስህተት በአንዱ ቡድን ላይ ከሺህ ሠላሳ ሆኖ ሊደበቅ ይችላል።

ሁለተኛው ፈተና ስለ ነገ ይጠይቃል። ቡድኑ አንድ ሙሉ የሞዴል ቤተሰብ ከሥልጠናው ያስወጣና ዲቴክተሩን በሌሎቹ ብቻ አሠልጥኖ በተደበቀው ይፈትነዋል። የተደበቀው ለዲቴክተሩ ገና ያልተወለደ ሞዴል ነው። በሚያውቃቸው 97 በመቶ እየያዘ በተደበቀው 60 ከሆነ፣ የሚቀጥለው ሞዴል ሲወጣ የሚጠብቀው ዕጣ የቱ እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ሐቀኛ ሠሪ ለገዢው የሚያሳየው ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ነው። በ2024 በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሪነት የቀረበው ሬይድ የተባለው መፈተኛ ይህን ልማድ ለማስፋፋት ረድቷል። ከስድስት ሚሊዮን በላይ የማሽን ጽሑፎችን፣ 11 ሞዴሎችን፣ የተለያዩ የማንሻ ደንቦችንና የማምለጫ ዘዴዎችን ይዟል። ብዙ ዲቴክተሮች ሞዴሉ ወይም ደንቡ ሲቀየርባቸው እንደሚወድቁ፣ በፋብሪካ መቁረጫቸው ሲሠሩም በሐሰት የሚከስሱት ሰው ብዙ እንደሆነ አሳይቷል።

ሰውም ይንሸራተታል

እስከ አሁን የተናገርነው የማሽኑ ክምር ስለመለወጡ ነው። የሰው ክምርም አልቆመም። ተመራማሪዎች በሕክምና ጥናቶች ማጠቃለያ ውስጥ «ዴልቭ» የመሳሰሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ከቻትጂፒቲ በኋላ በድንገት መብዛታቸውን ቆጥረው፣ በ2024 ከወጡት ማጠቃለያዎች ቢያንስ 13.5 በመቶው በቋንቋ ሞዴል እጅ ማለፉን ገምተዋል። ቃሉ የማሽን ምልክት መሆኑ በ2024 መጀመሪያ በስፋት ሲወራ ጸሐፊዎች መሸሽ ጀመሩ፤ አጠቃቀሙም ወረደ። በሌላ በኩል የበርሊን ተመራማሪዎች ሰዎች ራሳቸው በአንደበታቸው ሲናገሩ እነዚህን ቃላት ከቀድሞው ይልቅ ማዘውተራቸውን በዩቲዩብ ንግግሮች ላይ አስተውለዋል። በአንድ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ዲቴክተር ከሁለት አቅጣጫ ተመታ ማለት ነው፤ ማሽኑን የሚጠቀሙት ቃሉን ሲጥሉት፣ የማይጠቀሙት አነሱት።

ለሠሪዎቹ ትልቁ ጭንቀት ንጹሕ የሰው ጽሑፍ ማግኘት ነው። ከ2022 በፊት የተጻፈው አስተማማኝ ነው፤ ግን እያረጀ ነው። ስለ ወቅታዊ ጉዳይ የሚያወራ፣ የዛሬውን አነጋገር የያዘ ጽሑፍ የለበትም። ከኢንተርኔት አዲስ ጽሑፍ ቢሰበሰብ የማሽን ጽሑፍ «ሰው» ተብሎ ይገባል፤ ዲቴክተሩም ማሽንን ሰው ማለት ይማራል። ስለዚህ ዛሬ ጥሩ ክምር የሚገነባው በክፍያ፣ ጸሐፊው እየታየ፣ በክፍል ውስጥ ወይም በእጅ በተጻፈ ጽሑፍ ነው። ውድ ነው፤ ዝግ ያለ ነው፤ አቋራጭ የለውም።

በአማርኛ ሲሆን

ይህ ሁሉ በአማርኛ ላይ ሲመጣ ይከብዳል። የቻትጂፒቲ የመጀመሪያ ዓመታት አማርኛ በስህተት የተሞላ ነበር፤ ግሱ ከባለቤቱ ጋር በጾታና በቁጥር አይስማማም፤ ዓረፍተ ነገሩ ከእንግሊዝኛ እንደተገለበጠ ያስታውቃል። በዚያ ክምር የሚሠለጥን ዲቴክተር ስህተትን የማሽን ምልክት አድርጎ ይይዛል። ሞዴሎቹ አማርኛን እያሻሻሉ ሲመጡ ምልክቱ ከማሽኑ ይጠፋና አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ኢትዮጵያውያን ጽሑፍ ውስጥ ብቻ ይቀራል። ማሽኑ ያመልጣል፤ በኦሮሚኛ ወይም በሲዳምኛ አፉን ፈትቶ በአማርኛ የሚጽፈው ሰው ይከሰሳል።

ሌላው ወጥመድ በፊደላችን ላይ ነው። ሰዎች ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን እያፈራረቁ ይጽፋሉ፤ በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ የሚመታም ብዙ ነው። ሞዴል ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት አጻጻፍና ትክክለኛውን አራት ነጥብ ይከተላል። ያልተጠነቀቀ ሠሪ እንደዚህ ያለ ክምር ቢሰጠው ዲቴክተሩ ሥርዓተ ነጥብ መቁጠርን ይማርና በፈተና ላይ ድንቅ ውጤት ያመጣል። ከዚያ በጥሩ አርታኢ እጅ ያለፈ የሰው ጽሑፍ ሁሉ የማሽን ይባላል። ወጥመዱን ማወቅ ቀላል ነው፤ በመፈተኛው ጽሑፎች ሁሉ ላይ ሞክሼ ፊደላትንና ነጥቦችን አንድ ዓይነት አድርጎ እንደገና መፈተን። ውጤቱ ከወደቀ ዲቴክተሩ ሲያነብ የነበረው ጽሑፉን ሳይሆን ነጥቡን ነው። መፍትሔውም ያው ነው፤ ከሥልጠናው በፊት ሁለቱንም ክምር በአንድ አጻጻፍ ማስተካከል፣ ከዚያም መስታወት መሥራት።

ከነጥቡ ጋር መምጣት ያለበት

እድሳቱ ያለ ገደብ ይሠራል ወይ የሚለው በተመራማሪዎች መካከል ያከራክራል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2023 በሒሳብ እንዳሳየው፣ የማሽኑ ጽሑፍ ስርጭት ወደ ሰው ስርጭት በቀረበ ቁጥር የማንኛውም ዲቴክተር ጣሪያ ወደ ሳንቲም መወርወር ይወርዳል። ሌሎች ደግሞ ልዩነቱ ጨርሶ ዜሮ እስካልሆነ ድረስ ረጅም ጽሑፍ ወይም ብዙ ጽሑፎች ሲገኙ መለየት እንደሚቻል መልሰዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ለሚጠቀመው ሰው የሚነግሩትም አንድ ነው። አጭር ጽሑፍ ላይ የሚሰጥ ብይን ከሁሉም በፊት ይፈርሳል።

ስለዚህ አንድ ተቋም የዲቴክተር ነጥብ ይዞ ሰው ፊት ከመቅረቡ በፊት መልስ ሊያገኝላቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ይህ ነጥብ የወጣው ከየትኛው ዕትም ነው? መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው፣ ከዚያ ወዲህስ የትኞቹ ሞዴሎች ወጥተዋል? ባላየው ሞዴል ላይ ስንት ይይዛል? መቁረጫው የተሰላው በማን ጽሑፍ ላይ ነው፣ በሁለተኛ ቋንቋቸው የሚጽፉ ሰዎች ነበሩበት? ጽሑፉ በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ ተፈትኗል? ዕትሙና ቀኑ ከመዝገቡ ጋር መቀመጥ አለባቸው፤ በመጋቢት 0.95 የተባለ ድርሰት በጥቅምት በታደሰው ዲቴክተር 0.30 ሊሆን ይችላልና። ሻጩ እነዚህን መመለስ ካልቻለ ነጥቡ ለክስ አይበቃም፤ ተማሪውን ጠርቶ ስለ ሥራው ማነጋገር፣ ረቂቆቹን ማየት፣ የቀድሞ ጽሑፎቹን አጠገብ ማስቀመጥ ይቀድማል። መመለስ ከቻለም ነጥቡ ከእነዚህ አንዱ ሆኖ ይቀርባል እንጂ ብቻውን አይፈርድም።